ለሦስት የተቆረሰ እንጀራ

ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፦ በቀን ፕሮቲን ዘጠና ግራም፣ ካርቦሃይድሬት ሁለት መቶ ሰባ፣ ቅባት ሰማንያ። መልካሙ ወረቀቱን ገልብጦ አየውና ለሚስቱ ለፀዳለ አቀበላት።

«ሲስተር፣ እኔ የመርሳ መካኒክ ነኝ፤ የቫልቭ ክፍተት ከሆነ ይገባኛል። ይሄን ግን በምን ቁልፍ ነው የምፈታው?» አለኝ።

ሐምሌ 2005 ላይ የሥነ ምግብ ትምህርቴን ጨርሼ ወልድያ ከገባሁ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፦ ግራሙ የእኔ ሥራ ነው፤ ለእናንተ የምሰጣችሁ ሳህን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስኳር እንዳለበት የተነገረው የሃያ ስድስት ዓመቱ መልካሙ በቀን ሁለት ጊዜ የተወሰነ መጠን ኢንሱሊን ይወጋል። መጠኑ ስለማይለዋወጥ፣ የሚበላው ካርቦሃይድሬትም በየገበታው መለዋወጥ የለበትም። ቁርስ ሰባ አምስት፣ ምሳ ዘጠና፣ እራት ሰባ አምስት፣ የቀረው ሠላሳ ለመክሰስ።

ፀዳለ የምትገዛውን እንጀራ አምጪ አልኳት። መርሳ ውስጥ ከእትዬ ሙሉወርቅ ቤት አምስት ገዝታ አመጣች። በሚዛን ለካኋቸው፤ አማካዩ ሦስት መቶ ሠላሳ ግራም ሆነ። ከመቶ ግራም እንጀራ ሠላሳው ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ እንጀራውን ከመሃሉ ለሦስት ቆርሳ ሁለቱን እጅ ለምሳ ታቀርብለታለች፤ ሁለት መቶ ሃያ ግራም፣ ስልሳ ስድስት ካርቦሃይድሬት። አርባ ግራም ደረቅ ምስር የገባበት ወጥ ሃያ አራት ይጨምራል። ዘጠና ሞላ። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲኑን ወደ ሠላሳ አንድ ያደርሰዋል፤ ወጡ ውስጥ የገባው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ከእንቁላሉ ጋር ለምሳ የሚሆነውን ቅባት ይሰጣል።

«ምስሩን ሳይቀቀል ለኪ» አልኳት። «ከተቀቀለ በኋላ ውሃ ስለሚጠጣ ክብደቱ ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ይሆናል።»

«እንጀራውንስ በየቀኑ ልመዝን?»

«እሱ አያስፈልግም። ለሦስት መቁረስ ብቻ ነው።»

መልካሙ ሳቀ። «አየሽ፣ እኔን በሲሶ ነው የምትመግቢኝ።»

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥር ወደ ገበታ ሲለወጥ ደስ ይለኛል።

ነሐሴ ሲገባ ጦርነቱ ቀረበ። ከቆቦ በኩል የሚመጣው ሰው ወልድያን ሞላ፤ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ክሊኒካችን ተዘጋ፤ ሐኪሙ ወደ ደሴ ሄደ። እኔም በሳምንቱ መጨረሻ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ሲሪንቃን ስናልፍ ከኋላችን እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ላይ ግን ደመና አልነበረም። መርሳ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያስተካክል ቆመና «ሠላሳ ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅም» አለ። ወርጄ ወደ መልካሙ ጋራዥ ሮጥኩ።

ፀዳለ በር ላይ ነበረች። ስታየኝ አልገረማትም፤ የምትጠብቀኝ ትመስል ነበር።

«ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለች። «ከሰዓት በኋላ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ቁልፍ ወረወረብኝ። እሱ እንዲህ አይደለም።»

መልካሙ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

«ሲስተር፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ፤ መንገዱ ይዘጋል» አለ፤ ምላሱ ይጎተታል።

ጣቱን ወግቼ ለካሁት። ሃምሳ ሁለት፤ ከሰባ በታች ከወረደ አደጋ ነው። ፀዳለ ከጎረቤት ሱቅ ለስላሳ አመጣች፤ ግማሽ ጠርሙስ አጠጣሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰማንያ ስምንት ሆነ፤ ላቡ መድረቅ ጀመረ። ያኔ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጾሙን ነው። ፍልሰታ ገብቷል። «እንቁላል ተወ?» አልኳት።

«ቄሱ ቢፈቅዱለትም እምቢ አለ። ምትኩን እንዳልሽኝ አንድ እፍኝ ለውዝ ነው የምሰጠው።»

እንቁላል ደግሞ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢቀር ስኳሩን እንዲህ አያወርደውም። ምሳ ዘገየ? አልዘገየም። መርፌው በዛ? መርፌውን በብርሃን አየሁት፤ መስመሩ ልክ ነው። ኢንሱሊኑ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለበት ማሰሮ ውስጥ በደንብ ተቀምጧል። ምስሩ? ሳይቀቀል ተለክቶ በላስቲክ ታስሯል።

«እንጀራውስ?»

«ለሦስት ቆርሼ ሁለቱን እጅ። አንድም ቀን አላጎደልኩም» አለችና ትሪውን ከፈተችልኝ። እንጀራው እንደ ቀድሞው እስከ ትሪው ጠርዝ ደርሷል። ስፋቱ ያው ነው። አንዱን ጫፍ አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ያዝኩት። ጣቶቼ በእንጀራው በኩል ታዩኝ።

ሚዛኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሙሉውን እንጀራ ጫንኩት። ሁለት መቶ አሥር።

እትዬ ሙሉወርቅ ቤት ከጋራዡ ሦስተኛው በር ነው። ሴትየዋ ሌማት እያሰሩ ነበር።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሊጡን ቀየሩት?»

«ሊጡማ ያው ነው። የማፈስበትን ጣሳ ነው የቀየርኩት። ከላይ የመጣው ሰው ሁሉ እንጀራ ይላል፤ ጤፍ እንደሆነ ከገበያ ጠፋ። ዋጋ ጨምሬ በተፈናቀለ ሕዝብ ላይ ልጫወት? አሳሳሁት እንጂ ማንንም ባዶ እጁን አልመለስኩም።» ገመዱን አጠበቁ። «ነገ ግን አልጋግርም። ሐብሩ ገጠር ወንድሜ ዘንድ መሄዴ ነው።»

ስመለስ ሒሳቡን በራሴ ውስጥ ሠርቼው ነበር። ሁለቱ እጅ አሁን መቶ አርባ ግራም ብቻ ነው፤ አርባ ሁለት ካርቦሃይድሬት። ከምሳው ሃያ አራት ጎድሏል፤ በዚሁ እንጀራ ከሚበላው ቁርስና እራትም እንደዚያው። መርፌው ግን አልጎደለም። ፀዳለ ያልኳትን ሁሉ አድርጋለች። መመዘን አያስፈልግም ያልኳት እኔ ነኝ።

ይህንኑ ነገርኳት። «አሁን በምን ልሙላው?» አለች።

«ምን አለሽ?»

የገብስ ቆሎ አወጣች፤ ግማሽ ጆንያ። ከመቶው ሰባ አምስቱ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ሃያ አራት ለማግኘት ሠላሳ ሁለት ግራም ይበቃል። እፍኟን ሚዛኑ ላይ አፈሰሰች፤ አርባ አንድ። ቀነሰች፤ ሃያ ስምንት። ውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ተነፋ።

«እንጀራ ጨርሶ ሲጠፋስ?» አለች ዓይኗን ከሚዛኑ ሳትነቅል።

«ለምሳ ምስሩ እንዳለ ሆኖ ሰማንያ ስምንት ግራም ቆሎ። ምስሩም ከሌለ መቶ ሃያ።» ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። «መርፌውን በፍጹም እንዳታቋርጡ። ምግብ በጣም ካነሰ መጠኑን መቀነስ ያለበት ሐኪም ነው፤ ደሴ አግኝቼው መልእክት እልካለሁ።»

«በማን?»

መልካሙ ከጎማው ላይ ተነስቶ ነበር። «ስኳር በኪሴ እይዛለሁ፣ ሲስተር። ሂጂ በቃ» አለ።

የሚዛኑ መስኮት ላይ የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ፀዳለም አይታዋለች። ሚዛኑን ትቼላት ከበሩ ስወጣ አልተሰናበተችኝም፤ እፍኟን ታፈሳለች፣ ታያለች፣ መልሳ ታፈሳለች። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ። ሠላሳ ሁለት። ያችን እጇን ሳትጨብጥ ሳትዘረጋ እንዳለች አየር ላይ አቆመቻት፤ ባትሪው ሲያልቅ መጠኑን እጇ እንድትይዘው።

ሚኒባሱ ወደ ውርጌሳ ሲያዘነብል ከኋላችን ያ ድምፅ እንደገና መጣ። አሁን ቀርቧል። ጆንያው ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ ማስላት ጀመርኩና፣ አለመመዘኔን አስታወስኩ።