ሠራተኛ ቁጥር አንድ

የብድር ባለሙያዋ የንግድ ዕቅዴን አገላብጣ ስታበቃ፣ "ባለቤቱስ ለምን አልመጡም?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

"ባለቤቷማ ፊትሽ ቁጭ ብላለች፣ እህቴ።"

"እዚህ ላይ ግን እርስዎ ሠራተኛ ነዎት" ብላ ዕቅዱን ወደ እኔ አዞረችው። ፈቃድ፣ የግብር ምዝገባና የምግብ ደህንነት የሚለው ክፍል ነው። የንግድ ምዝገባው በታናሽ ወንድሜ ስም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ የእሱ። የብቃት ማረጋገጫ ጠያቂው እሱ። እኔ ያለሁት የጤና ምርመራ ካደረጉት የምግብ አዘጋጆች ጋር ነው፤ ሠራተኛ ቁጥር አንድ። ደሜ ፈላ።

እንዴት አይፈላ! የለውዝ ቅቤውን የምሠራው እኔ፣ ለውዙን የምቆላው እኔ፣ ሻጋታ የነካውን ተጎንብሼ የምለቅመው እኔ። የጓሮ ክፍሌን ሴራሚክ ያስነጠፍኩት፣ መስኮቱን በወንፊት ያስከደንኩት፣ ጥሬው ከታሸገው እንዳይገናኝ መሐል ላይ ግድግዳ ያስገነባሁት እኔ። ወንድሜን የለመንኩት አንድ ነገር ነው። "አንተ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላለህ ቢሮዎቹን ታውቃቸዋለህ፤ ይቺን ክፍል ጻፍልኝ፣ ምዝገባውንም አስጀምርልኝ" አልኩት። የጻፈውንም አምኜ ሳላነበው አስገባሁት። ይኸው አስጀመረልኝ!

እዚያው ቁጭ ብዬ ደወልኩለት።

"አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ" አለኝ። "እኔ መለያ ቁጥር አለኝ፤ አንቺን ምን አሰለፈሽ? ፈቃዴ ላይ አንድ ዘርፍ እንዲጨመር አመለከትኩ፣ በቃ። ያንቺ የኔ ብሎ ነገር አለ እንዴ በእኛ መሐል?"

"የለም? እንግዲያው ሱቅህን በስሜ አዙረው!"

መስመሩ ተቋረጠ አለኝ በኋላ። እሱ ነው የዘጋው።

ባለሙያዋ ሰምታናለች። "ብድሩን የምንሰጠው ለፈቃዱ ባለቤት ነው" አለችኝ ረጋ ብላ። "የእርስዎም ሽያጭ ከሱቃቸው ገቢ ጋር ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል። ነገ ተነስተው ዘርፉን ቢያሰርዙት ደግሞ እርስዎ እጅ ላይ ምንም አይቀርም።"

ከምግብ ቁጥጥር ቢሮ የምትመጣው ተቆጣጣሪ ክፍሉን ለማየት ቀጠሮ የያዘችው ለሐሙስ ነበር። ክፍሉ ካለፈ የብቃት ማረጋገጫው፣ በሱም አዲሱ ዘርፍ ንግድ ፈቃዱ ላይ ይጸድቃል፤ ብድሩም ይደርሳል። ሁሉም ግን የእሱ ነው። ካስቆምኩት ሁሉን ከዜሮ መጀመሬ ነው፤ የዚህ ዙር ብድርም ያመልጠኛል። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ "ወንድምሽ እኮ ነው፤ ባዳ አደረግሽው እንዴ?" ስትለኝ ከረመች። እሱንስ ማን ጠየቀው? እህትህ እኮ ናት ያለው አንድ ሰው የለም!

ሐሙስ ዕለት ከተቆጣጣሪዋ ቀድሞ ደረሰ። አዲስ ነጭ ጋውን ገዝቶ፣ ሰዓቱንና ቀለበቱን እንዳደረገ፣ ክፍሌ በር ላይ ተገትሯል። በሕይወቱ አንዲት ለውዝ ቆልቶ አያውቅም።

ተቆጣጣሪዋ ገና እንደገባች፣ "ማምረቻ ክፍል ውስጥ ቀለበትና ሰዓት አይፈቀድም" አለችው። አወለቀና ኪሱ ከተተ። የእጅ መታጠቢያውን ከፍታ አየች፤ የፍሳሹን ክዳን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች፤ ለውዙ ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጡን አይታ ምልክት አደረገች። "ጥሩ ነው" አለች። እናቴ በጓሮ በር በኩል ዝም በይ በሚል ዓይን ታየኛለች። እውነቴን ነው፣ ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

"የቤቱ ባለቤት አከራይተውዎታል ወይስ የራስዎ ነው?" ስትል ጠየቀችው።

"የቤተሰብ ነው" አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

"የቤተሰብ አይደለም!" አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። "ቤቱ የእኔ ነው። ለማንም አላከራየሁም፣ ለማንም አልፈቀድኩም። የዚህም ሰውዬ ሠራተኛ አይደለሁም።" የጤና ምርመራ ወረቀቴን ከግድግዳው ላይ ነቅዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን ዘጋች። "በዚህ ማመልከቻ መቀጠል አልችልም ማለት ነው" አለች። "እርስዎ መሥራት ከፈለጉ በራስዎ ስም ተመዝግበው እንደገና ያመልክቱ። መጥቼ አያለሁ።"

ስትወጣ ወንድሜ ጋውኑን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለው። "ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! ምስጋና ቢስ!"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ ለምን ደበቅኸኝ?"

ጋውኑን ረግጦት ወጣ። እናቴ "ለአንድ ስም ብለሽ እንጀራሽን ደፋሽው" እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ከንዴት ነው።

በማግስቱ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ወርዷል። ተራዬ ሲደርስ የመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ መታወቂያዬን፣ ፎቶዬን፣ የቤቱን ካርታ ደረደርኩ። አንዱን ሰነድ ኮፒ ሳላስደርግ በመምጣቴ መዝጋቢው አዘነልኝ መሰለኝ።

"ይሄን ሁሉ ብቻዎን ከሚንከራተቱ" አለኝ፣ "የሚያግዝዎት ወንድም የለዎትም እንዴ?"

"አለኝ" አልኩት። "ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት።"