የማትፈርመው ወረቀት

ኢልሃም የተያዘችው መኖሪያ ፈቃዷን ልታሳድስ ሄዳ ነው። ጸሐፊው ስሟን ኮምፒውተር ላይ አስገባ፤ ፊቷን አየ፤ ከዚያ ስልክ አነሳ። ኩዌት ውስጥ፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው አካባቢ አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት የሠራችላት ማዳም ሒባ ምን እንደሆነ ብትጠይቅም፣ «አገሯ ትፈልጋታለች» ከማለት በቀር መልስ የሰጣት የለም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ኩዌት ሲቲ ወደሚገኘው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወሰዷት። ዐረብኛዋ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነበር፤ ስለ ሩዝና ስለ ልብስ ማጠብ እንጂ ስለ ክስ አታውቅም። ስለዚህ አስተርጓሚ አመጡላት። ሚልኪያስ የሚባል ፀጉሩ የነጣ የአገሯ ሰው ነው። ጠበቃዋ አብዱልወሃብ ደግሞ ማዳም ሒባ የቀጠረችላት ወጣት ኩዌታዊ ነው።

«አገርሽ ያቀረበብሽ ክስ ሦስት ነው» አላት ሚልኪያስ ወረቀቱን እያየ። «በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ዕድሜ መጨመር። የመንግሥት ሥራ ጥሎ መጥፋት። ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሳሳት።»

ዕድሜዋን የጨመረችው እውነት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ሃያ አራት አስብላ ነበር፣ ለጉዞ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቱን ሥራም ጥላ መጥታለች። ሦስተኛው ግን እሷን ጨምሮ ስድስት ሴቶች ሰልፍ ለመጥራት የበተኑት አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። ከስድስቱ ሁለቱ እስካሁን እስር ቤት ናቸው።

አብዱልወሃብ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሚልኪያስ እየተከተለ ተረጎመ።

«ሥራ ጥሎ መሄድ እዚህ አገር ወንጀል አይደለም። በአንዱ አገር ብቻ ወንጀል የሆነ ነገር ደግሞ ሰውን ለጠየቀው አገር ተላልፎ አያሰጥም፤ እሱ ይወድቃል። የሰልፉ ወረቀት ፖለቲካ ነው፤ ለፖለቲካ ወንጀል አይሰጡሽም። የልደት ወረቀቱ ግን በሁለቱም አገር ሐሰተኛ ሰነድ ነው። እሱን መካድ አልችልም።»

«ታዲያ በእሱ ከወሰዱኝ በኋላ ስለ ሰልፉ አይጠይቁኝም?»

ሚልኪያስ ጥያቄውን ተረጎመ። ጠበቃው መለሰ።

«ሕጉ እንዲህ ይላል፤ የተሰጠሽበትን ብቻ ነው የሚከሱሽ። ለሌላ የቀድሞ ጉዳይ ከፈለጉ፣ እንደገና የኩዌትን ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። ያንን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ እናስገድዳቸዋለን።»

ኢልሃም ወረቀት ሰውን ከእስር ቤት ሲያድን አይታ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የታሰረችበት ድረስ ሊያያት መጣ። ከአገር ቤት ጉዳዩን ለመከታተል የተላከ ነው፤ ሱፍ ለብሷል፤ አነጋገሩ የሰፈሯ ነው።

«እህቴ፣ እዚህ ለምን ትንገላቺያለሽ? በፈቃዴ እመለሳለሁ ብለሽ ፈርሚ። ነገ አውሮፕላን ላይ ነሽ። እናትሽም ትጠብቅሻለች።»

እናቷን ጠራ። እናቷ የት እንደምትኖር ያውቃል ማለት ነው። የዘረጋላትን ብዕርና በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተቀበለች። አብዱልወሃብ ፍርድ ቤት ስለነበር ከአጠገቧ አልነበረም፤ ሚልኪያስ ብቻ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ጋሽ ሚልኪያስ፣ ምን ይላል?»

ሰውየው ቀደመ። «የተለመደ ፎርም ነው።»

ሚልኪያስ መነጽሩን አደረገ። እሱም ፈርቷል፤ የእሱም ልጆች አገር ቤት ናቸው። ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበበላት። «በፈቃዴ እመለሳለሁ። ተላልፌ እንድሰጥ ከቀረበው ጥያቄ ውጭ ላሉ የቀድሞ ድርጊቶች እንዳልከሰስ ያለኝን መብት ትቻለሁ።»

ኢልሃም ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠበቃዬ ሳይኖር አልፈርምም።»

«ትጸጸቻለሽ» አለ ሰውየው፤ ፈገግ እንዳለ ወጣ። ያ ፈገግታ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሳት።

የዐቃቤ ሕጉ ውሳኔ በሳምንቱ መጣ። ጠበቃው እንዳለው ሁለቱ ክሶች ወደቁ። በሐሰተኛ ሰነዱ ብቻ ትሰጣለች፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ እንደምትከሰስ የጠየቀው መንግሥት በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠ ነው።

ኢልሃም ቀኖቹን በሶላት ቆጠረች። በር በተከፈተ ቁጥር «መጣ» ትላለች። ማረጋገጫው ከመጣ ትሄዳለች፤ ሄዳም ቃል ይጠበቅ አይጠበቅ ማን ያውቃል? ሃያኛው ቀን አለፈ። በሃያ ስምንተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ደረሰ፤ አብዱልወሃብ ይዞት ገባ። ደብዳቤው ሕጉ እንደሚከበር ይናገራል እንጂ፣ ለሰልፉ አንከሳትም አይልም።

«ይበቃል?» አለች።

«ዐቃቤ ሕጉ አይበቃም ብሏል።»

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ተለቀቀች። ማዳም ሒባ ውጭ መኪና ውስጥ ሆና ጠበቀቻት፤ ውኃ ሰጠቻት።

መኪናው ሲነሳ ኢልሃም ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብላ ለሚልኪያስ ደወለች።

«ጋሼ፣ አልሰጡኝም። ልጆችህ ደህና ናቸው?»

«እስካሁን ደህና ናቸው» አለ።