ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ድርጅቱ በማኅበራዊ ገጹ ላይ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር አሥራ አንድ ሰው ይወደው ነበር። ሰባቱ የቢሮው ሠራተኞች፣ ሦስቱ ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ የቀረው አንዱ ጣቱ ስቶ ነው እየተባለ ይታማል።

አርታኢዋ የተቀጠረችው ይህን ነውር እንድትሸፍን ነው፤ ያውም በሙከራ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ እንኳ ያለ ማዕቀፍ ስለማያዙ፣ ሠራተኛው በሌሉበት “አቶ ማዕቀፍ” ይላቸዋል። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና፣

“ተራ ሰው እንዲያነበው አድርጊልኝ። ለጋሾቹ አንባቢ አምጡ እያሉ ነው። ቋሚ መሆን አለመሆንሽንም በዚሁ እናየዋለን” አሏት።

ነገሩ “እናየዋለን” የሚባል አልነበረም። እናቷ ልጄ ቋሚ ሆነች ብለው ለሰፈሩ ካወጁ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። አርታኢዋ ከሥራው ብትባረር ሌላ ትፈልግ ይሆናል፤ እናቷ ግን ሌላ ሰፈር ከየት ያመጣሉ?

ሪፖርቱን ከፈተች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ “በሩብ ዓመቱ የባለድርሻ አካላትን የተቀናጀ ተሳትፎ ባማከለ መልኩ የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተደራሽነትን ቀጣይነት ባለው ሁኔታ የማረጋገጡ ሂደት ተጠናክሮ የቀጠለ ሲሆን፣ ከአቅርቦት ሰንሰለት ጋር በተያያዙ ተግዳሮቶች ሳቢያ የተቋማቱ የተግባራዊነት ምጣኔ በስድሳ በመቶ ተገድቧል።”

መሐል ላይ ሁለቴ ተነፈሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥታ ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን መፈለግ ጀመረች። ተጠናክሮ የቀጠለው ማነው? ሂደቱ። ምጣኔውን የገደበው ማነው? ተግዳሮቱ። ባለድርሻው እንደ አሸዋ ነው፤ ባለቤት ግን በመድኃኒት አይገኝም። ወረድ ብሎ “በተዘዋዋሪ ተጠቃሚ የሆኑ ወገኖች” የሚል አገኘችና ሰረዘችው። ውሃ በተዘዋዋሪ አይጠጣም።

የቀረውን እሷ ብቻዋን ልትፈታው ስላልቻለች ለመስክ ሠራተኛው ደወለች። ቢሮ ሲመጣ መንገዱን ለብሶ ስለሚመጣ “አቧራው” ይሉታል።

“ወንድሜ፣ ‘የተግባራዊነት ምጣኔ ስድሳ በመቶ’ ምን ማለት ነው?”

“እኔን ትጠይቂያለሽ? እኔ አልጻፍኩትም!”

“መነሻው የአንተ ሪፖርት ነው ተባልኩ።”

“እኔ የላክሁት ‘ከአምስቱ የእጅ ፓምፕ ሁለቱ ቆመዋል’ የሚል ነው። መንገድ ላይ ትምህርት ቤት ገብቶ መሰለኝ።”

“ለምን ቆሙ?”

“ጎሚኒያቸው አለቀ። ክብ ጎማ ናት፣ የብርጭቆ አፍ የምታክል። ውሃውን ይዛ ሽቅብ የምታወጣው እሷ ናት፤ እሷ ካለቀች እጀታውን እስኪወልቅ ብትወዘውዢው ጠብ አይልልሽም።”

“ታዲያ አይገዛም?”

“ተገዝቷል እኮ እህቴ! ካርቶኑ እናንተ ምድር ቤት፣ መጋዘን ውስጥ ነው።”

“እና ምን ይጠብቃል?”

“ባነር።”

አርታኢዋ ያልሰማች መስሏት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

“ያለ ባነር ርክክብ የለም ተባለ። ባነሩ ታተመ፤ የለጋሹ አርማ አነሰ ተባለ። እንደገና ታተመ፤ አሁን ደግሞ የእኛ አነሰ።”

“ሰዉስ?”

“በሦስቱ ላይ ይሰለፋል። ሰልፉ ዳር የለውም። በእናንተ ቋንቋ ‘የማኅበረሰብ ተሳትፎ ጨምሯል’ በዪው።”

“ባነር ካልደረሰ አይወጣም ያለው ማነው?”

“አንቺ ደግሞ! እዚያው ነሽ፣ በሩን አንኳኪና ጠይቂው።”

መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቁጭ ብላ ጻፈች፦ “አምስት የውሃ ፓምፖች ተክለናል። ሦስቱ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ቆመዋል። የቆሙት አንድ ክብ ጎማ ስላለቀባቸው ነው። አዲሱ ጎማ ተገዝቶ መጋዘናችን ውስጥ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ባነሩ ሳይደርስ አይወጣም ብለዋል።”

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። እናቷ ትዝ አሏት። “እንዳይወጣ ተብሏል” ብላ ሞከረችው፤ ማን አለ? አለችና ራሷን ታዘበች። መልሳ እንደነበረ ጻፈችውና፣ የመጣው ይምጣ ብላ ይዛው ገባች።

አቶ ማዕቀፍ የመጀመሪያውን መስመር ፈገግ ብለው አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ፈገግታው ቀረ። መጨረሻው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ስማችንን ልታጠፊው ነው?”

“የጨመርኩት የለም። ስድሳ በመቶ ያሉት እርስዎ ነዎት።”

“ስድሳ በመቶ ሲባል ያምራል። ‘ሁለቱ ቆመዋል’ ስትዪው ግን… የቆሙ ይመስላል!”

“ቆመዋል እኮ።”

“መቆማቸውን አጣሁት? እንዲህ አይባልም ነው የምልሽ። ‘ተግዳሮት’ በዪው።”

“እንዲያ ካልኩት አሥራ አንዱም ይቀሩብናል።”

“እሺ፣ ይህችን የመጨረሻዋን አውጪያት።”

“ትውጣ። ግን አንባቢ ከሥር ‘ጎማው ካለ ለምን አይሰጥም?’ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን እርስዎ ይጽፉልኛል።”

በእኚህ ሰው ዘመን ብዙ ነገር ተከናውኗል፣ ተወስኗል፣ አቅጣጫም ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አድርገው አያውቁም። ዛሬ ሳያስቡት የአንድ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆነው ራሳቸውን አገኙትና፣ ጫማ እንደጠበበው ሰው ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

“ሌላ ባለቤት የለውም?”

“አስሼ አጣሁ። ግሱን መቀየር ግን ይቻላል። ‘አይወጣም ብለዋል’ የሚለው ‘እንዲወጣ አዘዋል’ ይሆናል። ብቻ አስቀድሞ እውነት መሆን አለበት።”

አቶ ማዕቀፍ ስልኩን አነሡ። “መጋዘን? ካርቶኑ ዛሬውኑ ይጫን። ባነር?… የምን ባነር ነው የምታወራው አንተ!”

አርታኢዋ አቧራው ደውሎ ውሃው መውጣቱን እስኪነግራት ጽሑፉን አላወጣችም። ሥራ አስኪያጁ እስከዚያው ድረስ ሦስት ጊዜ ብቅ ብለው ከ“አዘዋል” ፊት “በአፋጣኝ” የሚል ቃል እንድታስገባ ለምነዋታል። “አንባቢ ይስቅብናል” ብላ መለሰቻቸው፤ ጎማው መጋዘን መክረሙንም እንዳለ ተወችው። ጽሑፉ ወጣና ያልታሰበ አንባቢ ጎረፈ። ፓምፖቹ ካሉበት ሰፈር ሰዎች አንዱ ከሥሩ፣ “እውነት ነው፣ ውሃው መጥቷል። ባነር ግን አይጠጣም” ብሎ ጻፈ። አቶ ማዕቀፍ የአንባቢውን ብዛት ለለጋሾቹ ሊልኩ ስለተጣደፉ ይህችን አላዩዋትም።

የአርታኢዋ የሙከራ ጊዜ ባለቀ ማግስት ደብዳቤ ደረሳት። ለእናቷ ደውላ አነበበችላቸው፦

“የሙከራ ጊዜዎ መጠናቀቁን ተከትሎ፣ የቅጥርዎ ቀጣይነት በመርህ ደረጃ ተቀባይነት ያገኘ በመሆኑ፣ አስፈላጊው ሂደት እንዲከናወን አቅጣጫ ተቀምጧል።”

“እና ቀጠሩሽ?”

“እንጃ እማዬ።”

“አንቺ ካላወቅሽ ማን ይወቅልሽ? ለጎረቤቱ ‘አቅጣጫ ተቀመጠላት’ ልበል?”

አርታኢዋ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። ደብዳቤው ኅዳግ ላይ “ማን ቀጠረ? ማንን?” ብላ ጻፈችና የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው ተመለሰ። የታተመው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል፤ ከሥሩ በእጃቸው የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ “ቀጠርኩሽ።”

ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለእናቷ መልሳ ደወለች። “እማዬ፣ አንድ ቃል! ‘ቀጠርኩሽ’ አሉኝ። ቀጣሪውም ተቀጣሪዋም እዚያችው ቃል ውስጥ አሉ። ተማሩ ማለት ነው!”

እናቷ ቃሉን ደገሙት።

“‘ቀጠርኩሽ’ አለሽ?”

“አዎ!”

“ለሥራ ነው፣ ወይስ ለሰኞ?”

አርታኢዋ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አነሣች፤ ከቃሉ ፊት “ለሥራ” ብላ ጨመረችና፣ ማኅተም ልታስመታ ወደ አቶ ማዕቀፍ በር ሄደች።