ያለ ደረሰኝ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ቦዲቲ ውስጥ ነገሩን ያልሰማ ሰው ስለሌለ መደበቁም አይጠቅመኝም።

ስሜ ሻንቆ ዳልጮ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ደብዳቤ የማረቅቀውም እኔ ነበርኩ። ኃላፊዎቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ «ስለመጠየቅ»ን ከ«ስለማሳወቅ» ለይቶ የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም። እኔ አቃናለሁ፣ እነሱ ይፈርማሉ፣ ምስጋናውም ለእነሱ ነው። ከዚያ መዋቅር ተቀየረ ተብሎ ተቀነስኩና ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ደብተር፣ የሕፃን ዳይፐር እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ በወላይትኛ ነው የሚያናግሩኝ፤ የሱቁን ማስታወቂያ ግን በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ አንዲት ፊደል ሳልስት።

ዕቃ የማመጣው ሶዶ ካለው ከነስረዲን መጋዘን ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው የጀመሩትን ንግድ እሱ አሳድጎታል። ከሥራ ተቀንሼ ስመጣ ስለ ንግድ ምንም አላውቅም ነበር፤ የትኛው ሳሙና እንደሚሸጥ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ አርጅቶ እንደሚቀር ያስተማረኝ እሱ ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ መጋዘኑን ዘግቶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀምጧል። የሥራ ባልደረቦቼ የነበሩት ከቀብር ቀጥታ ወደየቤታቸው ነው የሄዱት።

ንግዳችን በስልክ ነበር። ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ይነግረኛል፣ ካርቶኑ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ይመጣል። ደረሰኝ በመካከላችን አልነበረም። በደረሰኝ ሲሆን ታክሱ ይጨመርና ዋጋው ከፍ ይላል፤ ያለ ደረሰኝ ሲሆን ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአፍ ይባላል፣ በአፍ ይቀራል።

ባለፈው ክረምት አከራዬ መጥቶ ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ እንደሚጨምር፣ ካልሆነልኝ ቤቱን የባጃጅ መለዋወጫ ለሚሸጥ ሰው እንደሚሰጥ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት እዚሁ ከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ለተማሪዎቹ ማደሪያ የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዋጋ እንዲያስገቡ ጠየቀ። ይህን ሥራ ካገኘሁ ሱቁ ይተርፋል። ኮሌጁ የሚፈልገው ሠላሳ ቀን ጸንቶ የሚቆይ ዋጋና ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ሳሙና ደግሞ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ ነገ አይገኝም። እኔ በወረቀት ታስሬ ነስረዲን በአፍ ብቻ ከቆየ፣ ዋጋው ሲጨምር የምሞተው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ደወልኩለትና ዋጋውን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ፤ ቃሌ አይበቃም ወይ አለኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል አልኩት። እሱም እየሳቀ፣ እንግዲያው በወረቀት ይጠይቁኝና በወረቀት እመልሳለሁ አለ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን በደብዳቤ አልቀልድም።

ሁለት ቀን ፈጀሁበት። እንዲህ ይላል፦

«ለነስረዲን የጅምላ ንግድ፣ ሶዶ። ጉዳዩ፦ የጅምላ ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። 120 ካርቶን የልብስ ሳሙና እና 60 ካርቶን የዱቄት ሳሙና ለመግዛት ስለፈለግሁ፣ የአንዱን ካርቶን ዋጋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ እና የርክክቡን ቦታ ጠቅሰው፣ በፊርማና በማህተም አረጋግጠው እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ለኮሌጁ የማቀርበው በደረሰኝ፣ ለሱቄ የምወስደው ደግሞ እንደ ወትሮው ያለ ደረሰኝ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዋጋዎች ተለይተው እንዲገለጹልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ደስ አለችኝ። ግልጽ ናት፣ የተሟላች ናት፣ ተቀባዩ መልሶ የሚጠይቀው ነገር የላትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ያን ዕለት ግን አልታየኝም።

ራሴው ይዤው ሶዶ ሄድኩ። ነስረዲን ለሶላት ወጥቶ ነበር፤ የሽያጭ ማሽኑ ላይ ልጁ ሰልዋ ተቀምጣለች። ሰልዋ ሒሳብ የተማረች፣ ትሑት ልጅ ናት። ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብላ እንድትፈርምልኝ፣ ዋናውን ቁጥር ሰጥታ ፋይል ውስጥ እንድታስገባው አደረግሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር አይተው አያውቁም ነበርና ባዶ ፋይል ከመደርደሪያ አውርዳ «ገቢ ደብዳቤ» ብላ ጻፈችበት። የእኔ ደብዳቤ ቁጥር አንድ ሆነ።

በማግስቱ የዋጋ ማቅረቢያው ተላከልኝ። በማህተም፣ በፊርማ፣ ለሠላሳ ቀን የሚጸና፤ በደረሰኝ የሚሸጥበት ዋጋ ብቻ ነበረበት። ነስረዲን ደወለ። ሁለተኛው ዋጋ በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም፣ ደብዳቤዎን ሰልዋ ትቅደደው አለኝ። ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ አይቀደድም አልኩት። ከኋላው መኪና ሲራገፍ ይሰማኛል፣ ሰዎች ይጠሩታል። «እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ረሳው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የገቢዎች ሰዎች መጋዘኑን ሊፈትሹ መጡ። በእኔ ምክንያት አልነበረም፤ መደበኛ ቁጥጥር ነው። በመዝገብ ያለው ሳሙናና መጋዘን ውስጥ የተቆጠረው አልገጠመም፤ መቶ ምናምን ካርቶን ጎደለ። ነስረዲን በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ የተበላሸውን አስወግጄ ነው አለ። ጣሪያው በእርግጥ ያፈስሳል። ነገሩ በዚሁ በቅጣት ሊያልቅ ሲል ከፈታሾቹ አንዱ መደርደሪያው ላይ ያለችውን አንድ ፋይል አወረደ። ውስጧ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

እኔን የጠሩኝ በሳምንቱ ነው። ጉዳዩን የያዘው ፍቅሬ የሚባል ባለሙያ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ነስረዲን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሳልፍ ቀና ብሎ ሰላም አለኝ፣ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍቅሬ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፊርማው የእኔ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነው አልኩ። ቃሌ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይደብቅ ነገረኝ። ስለ ጎደለው ዕቃ ነጋዴው ምክንያት ሰጥቷል፤ ያለ ደረሰኝ ሸጧል የሚል ወረቀት በእጃቸው ያለው ይህ ብቻ ነው። ሽያጩ ከተረጋገጠ መጋዘኑ ይታሸጋል፣ ጉዳዩም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለስለስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

«አቶ ሻንቆ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ማመልከቻ አንብቤአለሁ። አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ አይፈረድም። እዚህ ላይ ‹እንደ ወትሮው ያለ ደረሰኝ› ይላል። እርስዎ ‹እንደ ወትሮው ባለ ደረሰኝ› ለማለት ፈልገው ይሆን? እንደ ድሮው ዓይነት ደረሰኝ፣ ማለቴ ነው። ‹ባ›ን ‹ያ› ብለው ተሳስተው ከሆነ ይንገሩኝ፤ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። እንደተከፈተም አውቄአለሁ፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም። «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰውዬው ሊያድነን ብሎ እንዳልሆነም ገብቶኛል። ፊቴንና አነጋገሬን አይቶ፣ ይህ ሰውዬ አማርኛ አይችልም ብሎ ከልቡ አስቦ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እናትህ ለምን ወላጅ ስብሰባ አልመጣችም ስባል «እናቴ ታሞ ነው» ብዬ መልሼ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህሩም ሳቀ። እናቴ የእውነት ታማ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ማንም በአማርኛዬ እንዳይስቅብኝ ብዬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። መብራት ባልነበረበት ቤት ሰዋስው አነበብኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእነሱ የአፍ መፍቻ የሆነውን ቋንቋ ለአለቆቼ አቃናሁ። አሁን ይህ ልጅ፣ ልጄ የሚሆን ልጅ፣ «አይፈረድም» ይለኛል።

ነስረዲንን አሰብኩት። በእውነት አሰብኩት፤ ድንኳን ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ሲቀመጥ ታየኝ። አፌ ግን ከልቤ ቀደመ።

«አልተሳሳትኩም» አልኩ። «‹ባለ› ማለት ብፈልግ ‹ባለ› ብዬ እጽፍ ነበር። ‹ያለ ደረሰኝ› ነው ያልኩት፤ ደረሰኝ ሳይኖር ማለት ነው።»

ፍቅሬ ትንሽ አየኝ። እርግጠኛ ነዎት ወይ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ቃሌን ጽፎ እንድፈርም ሰጠኝ፤ አነበብኩት። «ደረሰኝ»ን በንጉሡ «ሠ» ጽፎት ነበርና በጣቴ አሳየሁት፤ አመስግኖኝ አስተካከለው። ይህንንም አድርጌአለሁ። ከዚያ ፈረምኩ።

እውነት ነው የተናገርከው፣ ምን አጠፋህ የሚሉኝ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም እንዲሁ አሉኝ። እኔ ግን ስለ እውነት ብዬ እንዳልተናገርኩ አውቃለሁ። ስለ እውነት ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ዓመት ያለ ደረሰኝ አልገዛም ነበር። እውነቱን የተናገርኩት ለአንዲት ፊደል ክብር ነው፤ ለዚህም ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

መጋዘኑ በማግስቱ ታሸገ። ነስረዲን ሁለት ሌሊት ጣቢያ አድሮ በዋስ ወጣ፤ ክሱ ገና አላለቀም። ያለ ደረሰኝ በመግዛቴ እኔም ቅጣቴን ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ኮሌጁ ያስገባሁለት ዋጋ ማሸነፉን በደብዳቤ አሳወቀኝ። የነስረዲን የዋጋ ማቅረቢያ ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ሳሙናው ያለው የታሸገ በር ውስጥ ነው። ሌሎች ጅምላ ሻጮች ጋ ሄድኩ። ሶዶ ውስጥ አምስት ቤት አንኳኳሁ፣ አረካ ድረስም ወጣሁ። ሁሉም በአክብሮት ያስቀምጡኛል፣ ሁሉም ዕቃ የለም ይሉኛል፤ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ እያየሁት። ሱቄን ለባጃጅ መለዋወጫው ሰውዬ አስረክቤአለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ነስረዲን ቤት ሄድኩ። ፊት ለፊት ቆሜ የምለው ቃል እንደማላገኝ አስቀድሜ አውቄ ነበር። ስለዚህ ሌሊቱን ተቀምጬ ይቅርታዬን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ በፖስታ አሽጌ ይዤ ነበር። በሩን የከፈተችው ሰልዋ ናት። ከስታለች። አባቷ እንደተኛ ነገረችኝ፤ ከውስጥ ግን ሲያስል ይሰማኛል። ፖስታውን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ድሮው። አላየችውም፤ ትንሽ ያዘችውና መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እባክዎ ከእንግዲህ አይጻፉልን።»