መጠኑ እኩል ነው

ኤዲተሯ የታናሽ እህቷን ባል መናቅ የጀመረችው ገና እጮኛ ሳለ ነው። ያኔ ቤታቸው መጥቶ የተበላሸውን ቴሌቪዥን "ይቺ ምን አላት" ብሎ ፈታታው፤ መልሶ ሲገጥመው የተረፉትን ብሎኖች ማንም ያላየው መስሎት ኪሱ ከተታቸው። እሷ ግን አይታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ "አንቴናው" አለችው፤ ሁሉን ይቀበላል፣ አንዱንም አያስቀምጥም። ስሙ ከልቧ ወደ አፏ፣ ከአፏም ወደ ሰፈሩ ወጣ። እሱ ሙገሳ መስሎት ወደደው።

አብሯት እንዲሠራ ያስገባችው እህቷ ስላለቀሰችባት ነው። ሥራ ቦታቸው ከጎማ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንደኛው እሷ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዳ ፊልም ትቆርጣለች። በሌላው እሱ ከዲስኮቹና ከሚንጫጫው ማራገቢያ ጋር ተቀምጦ፣ ያለቀውን ፊልም ሌላ ከተማ ወዳለ ሰርቨር ይልካል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ፊልሙን የሚወስደው ከዚያ ሰርቨር ላይ ነው። ይህን ሥራ የሰጠችው ብዙ የማያበላሽበት መስሏት ነበር።

የዚያን ሰሞን ፊልም በአንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ስለሠሩ ሴቶች ነበር። ጥጥ ሲተነፍሱ ኖረው ሳንባቸው ያለቀ፣ አለቆቻቸው ግን "ከጉንፋን ነው" እያሉ የመለሷቸው ሴቶች። ከሁሉም የበለጠ የተናገረችው አንዲት ጠና ያለች ሴት ናት። ሳል እያቋረጣት፣ ደግሞ እየቀጠለች፣ የአለቆቹን ነገር አንድ በአንድ አወጣችው። ሰው አድንቃ የማታውቀው ኤዲተሯ፣ የያቺን ሴት ምስል ስትቆርጥ እጇ ይከብዳት ነበር።

አንቴናው ፊልሙን መላክ ጀመረ። ፋይሉ እንደ ተራራ ነው፣ መስመሩ ደግሞ እንደ ቀጭን ቧንቧ። የሚልክበት ፕሮግራም አርሲንክ ይባላል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ሁለት ሦስተኛው ያህል እንደሄደ መስመሩ ጭራሽ ጠፋ። እሱም "ነገ ይቀጥላል" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ግን ሴትዮዋ ራሷ ደረጃውን እያረፈች ወጥታ መጣች። ልጇ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥራለች። የኔ ፊት ከታየ የልጄ እንጀራ ተዘጋ አለች። ፊቴን ሸፍኑልኝ፣ ድምፄንም ቀይሩልኝ ብላ ለመነች። አንቴናው ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ውሃ አቀረበ፣ "እናቴ፣ በኔ ይሁንብዎ፣ ጥላዎም አይታይ" አላት። ኤዲተሯ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ሥራው የሷ፣ መሐላው የሱ።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የሴትዮዋን ፊት ሸፈነች፣ ድምፁን አጎረነነች። የፊልሙ ርዝመት በአንዲት ፍሬም እንኳ አልተለወጠም። ስትጨርስ አዲሱን ፊልም በአሮጌው ስም፣ በአሮጌው ላይ አወጣችው። ግድግዳው ላይ አንቴናው በትልልቅ ፊደል የለጠፈው ማሳሰቢያ ነበር፤ የተስተካከለ ፊልም ሁሉ በስሙ ላይ አዲስ ቁጥር ይሰጠው ይላል። አስተውላው አታውቅም ማለት ሐሰት ነው። ብሎን ኪሱ የሚከት ሰው ሕግ አውጪ ሲሆን ማየት አንገሽግሿት ነው።

አንቴናው መላኩን ቀጠለ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጁን እያፋተገ ገባ። ሄዶ አልቋል፣ ለጣቢያውም ደውዬ ነግሬያለሁ፣ ዛሬ ማታ ይተላለፋል አላት። አረጋግጠሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም እንደ መምህር ዘንበል ብሎ ስክሪኑን አሳያት፦ እዚህ ያለው ፋይልና እዚያ ያለው ፋይል መጠናቸው እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል ነው። ቀኑም እኩል ነው። አርሲንኩን ደግሞ አስነሳው፤ ፕሮግራሙ አየት አድርጎ የሚላክ ነገር የለም ብሎ ተመለሰ።

"ይኸው፣ ማሽኑ ራሱ መሰከረ" አለ።

"ማሽኑ ያየው መጠኑንና ቀኑን ነው" አለች። "ውስጡን አላየም። አንተም አላየህም። ሁለት ሰዎች እኩል ስለመዘኑ አንድ ሰው ናቸው?"

የፋይሉን ቼክሰም እንዲያወጣ አዘዘችው። ቼክሰም የፋይል የጣት አሻራ ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ያወጣለታል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ድርድሩ እንዳልነበረ ይሆናል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሰርቨሩ ላይ ተሠርቶ ሁለቱ ይተያያሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ እሱም ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈው፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ድሮ መስመሩ ደካማ ከነበረበት ጊዜ የቀረ ልማድ እንደሆነ ሲያብራራላት ቆየ። እሷ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

ድርድሮቹ ወጡ። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አይገናኙም።

አንቴናው ትንሽ አሰበና፣ እዚያ ያለው ማሽን ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይሆናል አለ። እንዲህ ላለው ነገር መልስ መስጠት ለኤዲተሯ ራስን ዝቅ ማድረግ መሰላት። ከወንበሩ አስነሳችው፣ ራሷ ተቀምጣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፊልም ከዚያው ከፈተችው። ምስሉ እየተንቀረፈፈ መጣ። ወደ ሴትዮዋ ቦታ ወሰደችው።

ፊቷ ወለል ብሎ ታየ። ያልተሸፈነ፣ ያልደበዘዘ፣ ከነሽበቷ፣ ከነሳሏ፣ በገዛ ድምፅዋ።

ወደ ኋለኛው ክፍል አሳለፈችው። እዚያ ሴትዮዋ ተሸፍናለች። የፊልሙ ሁለት ሦስተኛው አሮጌ፣ የቀረው አዲስ ነው። መጋጠሚያው እንኳ አይታወቅም፤ ፊልሙ የተቀዳበት ዓይነት ለእያንዳንዱ ፍሬም እኩል ቦታ የሚሰጥ ስለሆነ፣ አዲሱ በአሮጌው ጫፍ ላይ ልክክ ብሎ ተቀጥሏል። መጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው ጥሩ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በምን ትእዛዝ እንደላከው ጠየቀችው። ነገራት። አፔንድ የሚባለውን ምርጫ ጨምሮበት ነበር፤ ይህ ምርጫ እዚያ የደረሰውን ትክክል ነው ብሎ አምኖ፣ ሳያነበው፣ ከጫፉ ይቀጥላል። ለመጀመሪያው ቀን ይሠራ ነበር። ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ ግን አዲስ ጭራ በአሮጌ ራስ ላይ መቀጠል ነው። ይህን ስትነግረው ድምፅዋን አላነሳችም፤ ለሕፃን ጫማ እንደሚያሥር ሰው ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረችው። እህቷ እዚያ ብትኖር ኖሮ ከጩኸቱ ይልቅ ይህኛውን ትጠላው ነበር።

አንቴናው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ "ስሙን ለምን አልቀየርሽውም?" አላት። "አዲስ ስም ቢኖረው እኮ ከመጀመሪያው ነበር የሚሄደው።"

ልክ ነው። እሱ ልክ መሆኑ ከሁሉ በላይ አናደዳት። "አሁን የሱ ጊዜ አይደለም" አለችው፤ ይህም መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም አወቁ።

መጀመሪያ ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ጣቢያው ወደማያየው ክፍል አዛወረችው። አንቴናው ስልክ አነሳ። ጣቢያ ያለው ቴክኒሻን ረፋዱ ላይ ወስጄዋለሁ፣ ለማታው ተሰናድቷል አለ፤ ደግሞም አሁን መለወጥ አይቻልም፣ አለቃዬ ወጥቷል ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ፈለገ። ኤዲተሯ ብትሆን ኖሮ ይህን ሰው በሁለት ቃል አዋርዳ ስልኩን ታዘጋው ነበር። አንቴናው ግን ወንድሜ አለው፣ ጌታዬ አለው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፣ ስለ ሴትዮዋ ሳል ነገረው፣ ደረጃውን እንዴት እያረፈች እንደወጣች ነገረው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተን ማንም አይጠይቅህም አለ። እሷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሰማችው። የማያልቅ ወሬው አንድ ቀን ይጠቅማል ብላ አስባ አታውቅም፤ አሁንም ማሰብ አልፈለገችም። ቴክኒሻኑ በመጨረሻ የወሰድኩትን አጠፋዋለሁ፣ አዲሱን ግን እስከ አመሻሽ አድርሱልኝ አለ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢላክ ሌላ ሁለት ቀን ነው። ኤዲተሯ አፔንዱን አወጣችና አርሲንክ ቀኑንና መጠኑን ትቶ የሁለቱንም ውስጥ እንዲያነብ አዘዘችው። ፕሮግራሙ ሁለቱን ፋይሎች በቁራጭ በቁራጭ እያስተያየ፣ እዚያ ያለውን እንዳለ ይጠቀምበታል፣ የተለየውን ብቻ ይልካል። የተለየው ደግሞ የሴትዮዋ ምስልና ድምፅ ነው፤ የቀረው ፊልም መስመሩን ሳይነካ ባለበት ይቆያል። ማራገቢያው ይንጫጫል፣ ከታች ጎማ ይነፋል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደሄደ የምትቆጥረዋን መስመር ያያሉ። አንቴናው አንዴ ሊያብራራላት አፉን ከፈተ፤ አየችው፤ ዘጋው።

ሲያልቅ ቼክሰሙ እንደገና ወጣ። እሱ የላይኛውን ድርድር ጮክ ብሎ አነበበ፣ እሷ በታችኛው ላይ በጣቷ ተከተለችው። እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ነው። ፋይሉን ወደ ቦታው መለሱ፣ ድርድሩንም ቴክኒሻኑ ከወሰደ በኋላ እንዲያስተያይበት ላኩለት። ትንሽ ቆይቶ ተገጣጥሟል ብሎ ደወለ።

ፊልሙ ማታ ተላለፈ። በማግስቱ ሴትዮዋ ስልክ ደውላ ኤዲተሯን አገኘች። ከልጇ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዳዩት ነገረቻት።

"አላወቀችኝም" አለች። "ይቺ ሴትዮ ማን ትሆን፣ ጎበዝ ናት አለችኝ። እኔም አዎ ጎበዝ ናት አልኩ።" ከዚያ ሳቀች፣ ሳሉም ያዛት፣ ኤዲተሯም እስኪያልፍላት ድረስ ስልኩን ይዛ ጠበቀች።

እሑድ እህቷ ቤት ተጠሩ። አንቴናው ለእንግዶቹ ታሪኩን አወራ። በሱ አፍ ነገሩ ሌላ ሆነ፦ መጠኑ እኩል ቢሆንም አንድ ነገር ሸቶት ነበር፣ "ቼክሰሙን እናውጣው" ያለው እሱ ነው። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። የራሱን አፔንድ አላነሳም፤ የፋይሉን ስም ነገርም አላነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኤዲተሯ ሰረቅ አድርጎ አየ።

እሷ ስሙን ያላነሳው አዝኖላት ይሁን ረስቶት ልታውቅ አልቻለችም። አዝኖላት ከሆነ ከዚያ የባሰ ነገር የለም። እህቷ ግን ባሏን እያየች ፊቷ በርቶ ነበር፤ እንደዚያ ስትበራ ካየቻት ቆይታለች። ኤዲተሯ አንገቷን ደፍታ መብላቷን ቀጠለች።