ለአሥር ሰው የተጻፈው ፓላው

የኡስታ ሶሊጆን ሙት ዓመት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ልጁ ሙሐይዮ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ አንዲት ፎቶ ላይ አቀርቅራ ተቀምጣ ነበር።

ፎቶው የአንድ አሮጌ የምግብ መጽሐፍ ገጽ ነው። ኡስታ ሶሊጆን አርባ ዓመት የማርጊላን ከተማን ሠርግና ተዝካር ሲያበስል ኖሮ ኡስታ፣ ባለሙያ፣ የተባለ ሰው ነው፤ የፓላውን፣ የሩዝና የሥጋውን ምግብ፣ አሠራር ግን በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው ያጻፈው፣ ከታሽከንት ለመጡ ሰዎች፣ ያውም ለቤት እመቤቶች መጽሐፍ። ስለዚህ የተጻፈው ለአሥር ሰው ነው። አንድ ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ፣ አንድ ኪሎ ካሮት፣ ሩብ ኪሎ ዘይት፣ ሁለት ሊትር ውሃ። መጽሐፉ የቀረው ታሽከንት ያለችው የአክስቷ ልጅ ላቶፋት ጋ ብቻ ነው። ላቶፋትም ገጹ እንዳይታጠፍባት በአውራ ጣቷ ተጭና ፎቶ አንስታ ላከችው። ሂና የተቀባው ጣቷ ከገጹ ግርጌ ጉብ ብሎ ይታያል። የሚያስፈልገው ነገር ዝርዝር ከላይ ሙሉውን ስለሚነበብ፣ ሙሐይዮ ለጣቱ ግድ አልሰጠችውም።

«አሁንም እሱን ታያለሽ?» አላት አጎቷ ኦዲልጆን ከበሩ ሳይገባ። «ከኮካንድ ከተማ ባለሙያ እንቅጠር ብዬሻለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ይመጣል፣ ያበስላል፣ ይሄዳል።»

«የኮካንድ ፓላው ነዋ የሚያበስለው፣ አማኪ።»

«ታዲያ የኮካንድ ሰው የማንን ያብስል?»

«በአባቴ ሙት ዓመት ሰው የአባቴን ይብላ። ለመጨረሻ ጊዜ።»

ኦዲልጆን ጫማውን እያወለቀ ተነፈሰ። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ሙሐይዮም ታውቀዋለች። «ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ነው የሚመጣው። ከዚያ ውስጥ ሁለት መቶው የሶሊጆንን እጅ የቀመሰ ነው። ሩዙ ተላቁጦ ሻቭላ ሆኖ ቢወጣስ? ‹ሶሊጆን በሙት ዓመቱ ገንፎ አበላን› ይላሉ። እስከ ልጅ ልጆቻችን ድረስ ነው የሚሉት።»

«መድኃኒት ቤት የምሠራው አሥራ አንድ ዓመት ነው፣ አማኪ። የሕፃን መጠን ወደ አዋቂ፣ የአዋቂ ወደ ሕፃን ስቀይር ነው የምውለው። እስካሁን የገደልኩት ሰው የለም።»

«እስካሁን» አለ ኦዲልጆን።

ያን ዕለት ማታ ደብተሯን አወጣች። ሁለት መቶ ሃምሳ ለአሥር ሲካፈል ሃያ አምስት ነው። ሁሉንም በሃያ አምስት አባዛችው። ሩዝ ሃያ አምስት ኪሎ፤ ሥጋ እንደዚያው፤ ዘይት ስድስት ኪሎ ከሩብ። ከጨውና ከከሙን ጎን «እየተቀመሰ» ብላ ጻፈች፤ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ውሃ ሃምሳ ሊትር። አምስት ባልዲ። ቁጥሮቹን እያየች ደስ አላት። ከዘይቱ ሩብ በቀር ክፍልፋይ የሌለበት፣ ንጹሕ ሒሳብ ነበር።

በሙት ዓመቱ ጠዋት ትልቁ ካዛን በግቢው መካከል ከጡብ በተሠራው ምድጃ ላይ ተጣደ። አንድ ሜትር አፍ ያለው ጥቁር የብረት ድስት ነው። በዚህ ካዛን ዙሪያ ሴት ቆማ አታውቅም፤ ጎረቤቶች በአጥር በኩል አንገታቸውን እያሰገጉ ሲያዩ ሙሐይዮ አንገቷን ደፍታ ዘይቱን ታግል ነበር። እንጨቱን የያዙት ኤርጋሽ ቦቦ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የአባቷን እሳት ሲያነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅንድባቸው ከተቃጠለ ስንት ዘመኑ።

«ቦቦ፣ ስህተት ካዩ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«እኔ የማውቀው እሳት ነው፣ ልጄ። ከላይ ያለው የሱ ነበር፣ ከታች ያለው የኔ። አርባ ዓመት ድንበር አላለፍንም።»

ሥጋው ተጠበሰ፣ ሽንኩርቱ ቀላ፣ ካሮቱ ገባ። ሁለት ባልዲ ውሃ ተጨመረ፤ ነጭ ሽንኩርት ከነራሱ፣ ከሙንም በመዳፍ ታሽቶ ተከተለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ የግቢው ሽታ ተለወጠ። ኦዲልጆን አጠገቡ ደርሶ አሽትቶ ምራቁን ውጦ ተመለሰ። ክፉ ነገር ለመናገር ለማይሰንፍ ሰው ይህ ምርቃት ነው።

ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ የነበረው ቀይማ ሩዝ ተጠንፍፎ ከላይ ተደለደለ። ኤርጋሽ ቦቦ ግንዱን ጎተት አድርገው እሳቱን አበረዱት። ሙሐይዮ ሩዙ እንዳይቆፈር ሰፊውን ጭልፋ ጣል አድርጋ በላዩ ሦስተኛውን ባልዲ በቀስታ አፈሰሰች። አለቀ። ወደ አራተኛው ዞረች።

«እንጨቱስ?» አሉ ኤርጋሽ ቦቦ።

«የቱ እንጨት?»

«አሃ፣ እሱ እዚህ ሲደርስ እንጨት ይሰብር ነበር። ከዚህ ከእንጆሪው ዛፍ ቀጭን ጭራሮ ይቀጥፍና ከሌባ ጣቱ ጋር ለክቶ ቀጭ ያደርገዋል፤ እስከዚህ።» የሌባ ጣታቸውን ጫፍ አንጓ አሳዩዋት። «ሩዙ ላይ ያቆመዋል፣ ውሃ ይጨምራል፤ ከዚያ ለኔ ይሰጠኛል።»

«ለርስዎ? ለምን?»

«እሳት ውስጥ እንድጥለው ነዋ! እንጨት አይደለ?» ሽማግሌው ሳቁ። «አርባ ዓመት እሳት ውስጥ ጣልኩት። ለምን እንደሚሰብረው ጠይቄው አላውቅም። ከላይ ያለው የሱ ነው ብዬሽ የለ?»

ሙሐይዮ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። «ስንት ሰው ሲሆን ነው እስከዚህ?»

«ስንትም ይሁን።»

«ለሃያ ሰውስ?»

«እስከዚህ።»

«ለአምስት መቶ?»

«እስከዚህ ነው የምልሽ! ጣቱ ያድግለታል እንዴ?»

ቆመች። ፊቷ ላይ ከካዛኑ የሚወጣው እንፋሎት ይመታታል፤ ዓይኗን እንፋሎቱ ላይ ተከለች። ነጭ ሆኖ፣ ሰፍቶ፣ ከብረቱ አፍ እኩል ይወጣል። ከብረቱ አፍ። ሩዝ የሚጠጣው በክብደቱ ልክ ነው፤ ሃያ አምስት እጥፍ ሩዝ ሃያ አምስት እጥፍ ይጠጣል። እንፋሎት ግን የሩዙን ክብደት አያውቅም። የሚያውቀው የሚወጣበትን አፍ ነው።

ደብተሯን ከኪሷ አወጣች። ለአሥር ሰው የሚሆነው የቤታቸው ትንሹ ካዛን አፉ ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር ነው፤ የዚህ አንድ ሜትር። ስታሰላው የትልቁ አፍ ከትንሹ ሃያ አምስት እጥፍ አይሰፋም፤ አሥራ አምስት እጥፍ ብቻ ነው። ከሩዙ በላይ የሚቆመው የአንድ አንጓ ቁመት፣ ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ፣ በትንሹ ላይ አንድ ሊትር ያህል ነው፣ በትልቁ ላይ አሥራ ስድስት የማይሞላ። እሷ ግን ያንን እንፋሎት ሆኖ የሚሄድ አንድ ሊትር በሃያ አምስት አባዝታዋለች። አሥር ሊትር ትርፍ። አንድ ባልዲ ሙሉ ሻቭላ።

አባቷ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ነበር። ሙሐይዮ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስታውቅ ኖራለች፤ አሁን ግን እንደ አዲስ ሰማችው። የጭራሮው ቁመት ያው ነው፤ አፉ ሲሰፋ ውሃው ራሱ ይሰፋል። ማካፈልና ማባዛት ሳያስፈልግ ሁሉም ነገር በዚያች ቁራጭ ውስጥ ተሰልቶ አልቋል፤ እነሱም በየሠርጉ ሲያቃጥሏት ኖረዋል።

«ምን ሆነ?» አለ ኦዲልጆን እየተጣደፈ። «ለምን ቆምሽ? መጽሐፉ አምስት ባልዲ አላለም?»

«አምስት ያለው መጽሐፉ አይደለም፣ አማኪ። እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መጽሐፉ ምን ይላል?»

ሙሐይዮ ስልኳን አወጣች። ከገጹ ግርጌ የላቶፋት አውራ ጣት ተጋድሟል። ለላቶፋት «ጣትሽን አንስተሽ እንደገና ላኪልኝ» ብላ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ሩዙ ግን መልስ አይጠብቅም።

«ሙሐይዮ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው...» አለ ኦዲልጆን፤ ድምፁ የቁጣ አልነበረም።

ወደ እንጆሪው ዛፍ ሄዳ ጭራሮ ቀጠፈች። ኤርጋሽ ቦቦ የሌባ ጣቷን ይዘው አገላበጡት። «የሱ ነው» አሉ። «ረዘም፣ ቀጠን። ወፍራም ጣት ያለው ወንድሙ ነው።» ኦዲልጆን እጁን ሳያስበው ወደ ኪሱ ከተተ። በአንጓዋ ልክ ሰበረችው። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ጭራሮውን ሩዙ ላይ አቆመችና አራተኛውን ባልዲ በቀስታ ማፍሰስ ጀመረች። ውሃው ወጣ፣ ወጣ። ከባልዲው ሥር ሁለት ጭልፋ ያህል ሲቀር የጭራሮው ጫፍ ጠለቀ።

«በቃ» አለች። አምስተኛው ባልዲ አልተነካም።

ኤርጋሽ ቦቦ እሳቱን ለቀቁበት። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ፈላ፣ ጎደለ፣ ከዚያም ላዩ ደረቀ። ሩዙን ወደ መሐል ሰብስባ እንደ ጉልላት አቆመችው፤ በጭልፋ እጀታ እስከ ሥሩ በሳችው፤ ፍሙን አሳንሰው ከደኑት። ግማሽ ሰዓት እንዲታፈን ተዉት። ሰዎች መግባት ጀመሩ፤ በየጠረጴዛው ተቀመጡ፣ ለሁለት ሁለት ሰው አንድ ሳህን ተዘጋጅቶላቸዋል። ኦዲልጆን በር ላይ ቆሞ ሲቀበላቸው በእያንዳንዱ ሰላምታ መሐል ዘወር እያለ ክዳኑን ያይ ነበር።

ክዳኑን ሲያነሱት እንፋሎቱ እስከ ዛፉ ቅርንጫፍ ወጣ። ሙሐይዮ ጭልፋውን አስገብታ ገለበጠችው። ሩዙ እየተንሿሿ ወረደ። ፍሬ ከፍሬ አልተጣበቀም፤ እያንዳንዷ ዘይት ጠጥታ፣ ቀይማ ሆና፣ ለብቻዋ ታበራለች። ሃያ አምስት ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ፍሬ ሳይሳሳት። እሷ የሠራችው አልመሰላትም።

የመጀመሪያው ሳህን ለኦዲልጆን ደረሰው። ቆሞ፣ በእጁ፣ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ።

«አማኪ?»

«ዝም በይ» አላት፤ «ወንድሜ ጋ ነኝ።»

የመጨረሻው ሳህን ወጥቶ ጸሎቱ ሲያልቅ ስልኳ ጮኸ። ላቶፋት ናት፤ ይቅርታ ጠይቃ ገጹን እንደገና አንስታለች። በፊት ጣቷ በነበረበት ቦታ ሁለት መስመር አለ። «እንግዳ ሲበዛ ሌላውን አብዛው። ውሃውን ግን አታብዛ፤ ከሩዙ በላይ አንድ አንጓ ነው፣ በየትኛውም ድስት።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል ኤርጋሽ ቦቦ ከምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ዘርግተውላታል።

«ምን ልስጥዎ፣ ቦቦ?»

«እንጨቱን ነዋ። እንዳልረሳሁት ይወቅ።»

ጭራሮው የሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥታ ለአፍታ ከጣቷ ጋር አስተያየችውና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ፍሙ ላይ ጣሉት። ርጥብ ስለነበር መጀመሪያ ሲሲ አለ፣ ከዚያ ያዘ። አጠገባቸው አምስተኛው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ነበልባሏ ውሃው ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች።