ሳሙና የቀነስኩበት ሳምንት

እኔ ስናደድ እጄ አያርፍም። ወይ አጥባለሁ ወይ እጽፋለሁ። የዚያን ማክሰኞ ማሽኖቹ ሁሉ ተይዘው ስለነበር ጻፍኩ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የልብስ ንጽህና ቤት አለኝ። ሦስት ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ማድረቂያ፣ ሁለት አጣቢዎች፣ አንድ ተኳሽ። ተኳሹን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እንፋሎት ይላቸዋል፤ ሃያ ዓመት ካውያ ይዘው ከእንፋሎቱ ወጥተው አያውቁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጋ አልጨመርኩም። ሳሙናው ጨመረ፣ መብራቱ ጨመረ፣ ኪራዩ ጨመረ፤ እኔ ብቻ እንደ ሞኝ ባለሁበት ቆሜያለሁ። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ነዋ! በተለይ የእንግዳ ማረፊያው። የሥራዬ ግማሽ የእነሱ አንሶላ፣ ፎጣና የሠራተኛ ሸሚዝ ነው። እነሱ ከሄዱ ጋሼ እንፋሎትንና አንዷን አጣቢ ማሰናበቴ ነው።

ታናሽ እህቴ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ለደንበኛ ደብዳቤ መጻፍ ታውቅበታለች። አስቀድማ መክራኝ ነበር።

«እትዬ፣ ዋጋ መጨመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ በድንገት መጨመር ነው» አለችኝ። «ከወር በፊት ንገሪያቸው። ከመቼ ጀምሮ ስንት እንደሚሆን ቁልጭ አድርገሽ ጻፊ። ምክንያቱ አጭር ይሁን፤ አትለማመጪ፣ አትቆጪ። ትልቁን ደንበኛ ደግሞ ከወረቀቱ በፊት በአካል ሄደሽ አናግሪ። ከወረቀት ላይ ካነበቡት ተናቅን ነው የሚሉት።»

ተስማማን። ሐሙስ የእንግዳ ማረፊያውን ሥራ አስኪያጅ አናግራለሁ፣ ዓርብ ደብዳቤው ለሁሉም ይታደላል። ደብዳቤውን እህቴ ትጽፋለች።

ማክሰኞ ግን ሳሙና አከፋፋዩ ደወለና እንደገና መጨመሩን እንደ ምሥራች አበሰረኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። እህቴን ማን ይጠብቃል! ብድግ ብዬ ጻፍኩና ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እኛ ቤት ስስ ወረቀት በእርጥበት ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በጠንካራ ካርድ አርባ አሳተምኩ። እንዲህ ይላል፦

«ደንበኞቼ ሆይ፣ ሦስት ዓመት ቻልኩ፤ ከእንግዲህ አልችልም። ዋጋ ሃያ በመቶ ይጨምራል። ላለመጨመር ብዬ ባለፈው ወር አንድ ሳምንት ከሳሙናው ሲሶውን ቀንሼ አጠብኩ። ልብሱ አልጠራም፣ አፈርኩ፣ ተውኩት። ከእንግዲህ ሳሙና ከምቀንስ ዋጋ ብጨምር ይሻለኛል። ያልተስማማው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

እህቴ ከሥራ መልስ መጥታ ስታነብ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«አብደሻል? ሳሙና ቀነስኩ ብሎ የሚያውጅ ነጋዴ የት አይተሻል? ቀኑስ የታለ? መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት ማለትስ ምን ማለት ነው? እየመረቅሽ ነው የምታባርሪያቸው?»

ተናድጄ ነበር፤ ግን ልክ ናት። አርባውንም ካርድ አንስቼ መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ወረወርኩና ረሳሁት።

ሐሙስ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ጠበቃ የሆነ አንድ ነባር ደንበኛዬ ካርድ እያውለበለበ ገባ። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«ሃያ ዓመት ችሎት ስቆም እንዲህ ያለ የእምነት ቃል አላየሁም» አለኝ። «ከሳሽም ተከሳሽም አንቺው!»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከሸሚዜ ሆድ።»

ወዲያው ገባኝ። የታጠፈ ሸሚዝ ቅርጹን እንዳይለቅ ሆዱ ውስጥ ካርቶን ይገባል። ያ ሣጥን ደግሞ የጋሼ እንፋሎት የካርቶን ሣጥን ነው! መነጽራቸውን እንፋሎቱ ስለሚያጨልምባቸው ሥራ ላይ አያደርጉትም፤ ጠንካራ ካርድ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ረቡዕ ሙሉ ሲከቱበት ውለዋል። ዘልዬ ሣጥኑን አየሁ። ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ የት ሄዱ ካርዶቹ?»

«ጥሩ ካርቶን ነበር» አሉኝ ካውያውን ሳያቆሙ። «ግማሹ ለእንግዳ ማረፊያው ሸሚዝ ሆነ። ከዚያው ካለ አምጪልኝ።»

የሚያዝ የሚጨበጠው ጠፋኝ። ለእህቴ ደወልኩ። እሷም «በይ አሁኑኑ ሂጂ። ካርዱን አንብበውትም ከሆነ ቢያንስ ቀሪውን ካንቺ አፍ ይስሙ» አለችኝ።

መንገዱን በእግሬ ሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልችልም ነበር። እየሄድኩ ውሸት አዘጋጀሁ። ያ ሳምንት የቤት ደንበኞችን ልብስ ብቻ የነካ ነው እላለሁ፤ የእናንተን አንሶላ አልነካም እላለሁ። ማን ያውቃል? ማንም። አምስት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት፤ በአምስተኛው እኔ ራሴ ላምነው ምንም አልቀረኝ።

ሥራ አስኪያጇ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። ቁጥብ ሴት ናት፤ ቃል አታበዛም። ካርዱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ በአካል ልነግርዎት ነበር» አልኩ። «ካርዱ በስህተት ነው የመጣው፤ ይቅርታ። ጭማሪው ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ነው። እስከዚያ የሚመጣው ሁሉ በድሮው ዋጋ ነው። የእያንዳንዱን ዋጋ ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ።»

ዝርዝሩን አላየችውም። ካርዱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«የትኛው ሳምንት ነው?»

ያ ውሸቴ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኗን አየሁትና ሸሸኝ።

«ባለፈው ወር፣ ሁለተኛው ሳምንት» አልኩ። «የእናንተም አንሶላ አለበት።»

ከኪሷ ደብተር አወጣች፣ ወደ ኋላ ገለጠች፣ አነበበች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«በዚያ ሳምንት የሦስት ክፍል እንግዶች አንሶላው ይሸታል ብለው ስሞታ አሰሙ» አለች። «አልጋ አንጣፊዋን ጠራኋት። ቀይሬያለሁ ብላ ማለች፣ አለቀሰች። አላመንኳትም። አሮጌውን መልሰሽ አንጥፈሻል ብዬ ከክፍል አውጥቼ ጓሮ ጠራጊ አደረግኳት። ይኸው ወር ሊሞላት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ያቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ ጥቅሉን የምትረከበኝ እሷ ነበረች። ሌላ ሰው ሲረከበኝ እረፍት ወጥታ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ አልጠየቅሁም። እኔ ለሳሙናዬ ስሳሳ የሰው ስም አጥፍቻለሁ።

«እኔ ራሴ ልንገራት» አልኩ።

«ዛሬ ሥራ አትገባም። መጀመሪያ የምነግራት እኔ ነኝ፤ የፈረድኩባት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ዝርዝሩን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ዋጋውን እከፍላለሁ። ሌላ ቤት ብሄድ ሳሙና ሲቀንስ የሚነግረኝ የለም። አንቺም ብትሆኚ ግን ሁለተኛ በሸሚዝ ሆድ አትንገሪኝ። እንደቀነስሽ በዚያው ቀን ደውለሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ እህቴ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ደርሳ፣ ያማረውን ደብዳቤ ይዛ ትጠብቀኛለች። ቀኑ አለ፣ ዝርዝሩ አለ፣ ምስጋናው አለ። «ጥራታችንን ለመጠበቅ ሲባል» የሚል አለ።

«እሱን አውጪና የሳሙናውን መልሰሽ አስገቢ» አልኳት።

«እትዬ!»

«መንገዱን ጨርቅ የሚለው ይቅር። የሳሙናው ይግባ። የትኛው ሳምንት እንደሆነም ይጻፍ። በዚያ ሳምንት ያሳጠበ ሁሉ ያንኑ ልብስ ያምጣ፣ በነጻ አጥባለሁ።»

ተሟገተችኝ፤ በመጨረሻ ግን ጻፈችው። ከምላሴ ይልቅ የእሷ ብዕር ይሻላል፤ አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። ዓርብ በየጥቅሉ ላይ፣ በግልጽ፣ ከላይ አሰርነው። ጋሼ እንፋሎት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «እኔ እኮ ያኔ ኮሌታው አልጠራም ብዬሽ ነበር» አሉኝ። እውነት ነው፤ ብለውኝ ነበር። ዝም በሉና ተኩሱ ነበር ያልኳቸው።

ቅዳሜና እሁድ መቀመጫ አጣሁ። ስልኩ ሲጮኽ እደነግጣለሁ፣ ዝም ሲል ይብስብኛል። ንጹሑን ጠረጴዛ ደግሜ ወለወልኩ። ሰኞ ሁለት ደንበኛ ላይመለሱ ጥቅላቸውን ወስደው ሄዱ፤ አንዷ «ስንት ዓመት ስታታልይን ኖርሽ?» ብላኝ ነው የሄደችው። አንድ ሳምንት ነው ብላት ታምነኛለች? አታምነኝም። የቀሩት ግን አልሄዱብኝም። ጠበቃው ሸሚዙን አምጥቶ «በነጻ የተባለውን» አለኝ፤ የዚያን ሳምንት ያልነበረውን ጭምር ከቶበታል፣ ሌባ! ሳቅኩና አጠብኩለት።

እኩለ ቀን ላይ አልጋ አንጣፊዋ መጣች። የክፍል ልብሷን ለብሳለች፤ ወደ ሥራዋ መልሰዋታል ማለት ነው። ሁለቱ አጣቢዎች ማሽኑን ጥለው ወደ ጓዳ ገቡ። ስንት ቀን ያሰላሰልኩት ይቅርታ ነበረኝ፤ ያወጣሁት ግን አጭሩን ነው።

«በድዬሻለሁ» አልኳት። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«አዎ፣ በድለሽኛል» አለች። አልተቆጣችም፤ ያ ባሰብኝ። «ያ ደብዳቤ አለሽ? አንድ ስጪኝ።»

«ሥራ አስኪያጇ ጋ አለ እኮ። ምን ያደርግልሻል?»

«እናቴ ጋ ልወስደው ነው። ከክፍል አወጡኝ ስላት፣ ያለ ምክንያት አያወጡሽም አለችኝ። ወር ሙሉ እንደ ሌባ ነው የምታየኝ። ንጹሕ ናት ተብሎ ተመለስኩ ብላትም አዝነውልሽ ነው ትላለች።»

ደብዳቤውን አወጣሁ። የሳሙናውን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ አሰመርኩበትና ከሥሩ «የሸተተው በእኔ ጥፋት ነው፤ እሷ አንሶላውን ቀይራ ነበር» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ፈርሜ ሰጠኋት። ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችው፤ አንብባ ስትጨርስ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ማህተም አለሽ?» አለችኝ። «እናቴ ማህተም ካላየች አታምንም።»

መሳቢያውን ከፍቼ ማህተሙን አወጣሁ። ቸኩዬ ስለነበር የመጀመሪያው ደበዘዘ፤ ደግሜ መታሁት።